የለጋሾች ሰንጠረዥ፦ የትኛውን ወጪ የትኛው ለጋሽ ይከፍላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ በአገር በቀል ድርጅቶች የሒሳብ ክፍል ለዓመታት ስሠራ አዲስ ባልደረባ በመጣ ቁጥር የሚጠየቁኝ ጥያቄዎች ያው ናቸው። እዚህ የሰበሰብኳቸው ሁለትና ከዚያ በላይ ለጋሽ ላላቸው ትንንሽ ድርጅቶች ነው። አንድ ለጋሽ ብቻ ያለው ድርጅት ይህን ሳያነብ ማለፍ ይችላል።

ለእያንዳንዱ ለጋሽ የጸደቀ በጀት አለን። ሌላ ሰንጠረዥ ለምን ያስፈልጋል?

እያንዳንዱ ለጋሽ የሚያየው ከራሱ ጋር የተፈራረማችሁትን በጀት ብቻ ስለሆነ ነው። አንዱ የአስተባባሪውን ደመወዝ 60 በመቶ እከፍላለሁ ብሎ ይፈርማል። ሌላው 40 ይላል። ሦስተኛው በስድስት ወሩ መጥቶ 20 ይጨምራል። ሦስቱም በጀቶች ለየብቻ ሲታዩ እንከን የለባቸውም። ስህተቱ በአንዳቸውም ወረቀት ላይ የለም፣ ያለው በመካከላቸው ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ አንድ ወረቀት እስካልተሠራ ድረስ ማንም አያየውም። ኦዲተሩ ግን የድርጅቱን ሒሳብ በሙሉ ስለሚከፍት ያየዋል።

ሰንጠረዡ ይህ ነው። ወደ ታች የድርጅቱ ወጪዎች ይደረደራሉ፣ ወደ ጎን ለጋሾቹ። ልብ በሉ፣ ወደ ታች የሚደረደሩት የለጋሾቹ የበጀት መደቦች አይደሉም። አንዱ ለጋሽ «የሰው ኃይል» የሚለውን ሌላው «የፕሮግራም ድጋፍ» ይለዋል፤ በእነሱ ስም ከደረደራችሁ አንድ ሰው ሁለት መስመር ላይ ይወጣና መደራረቡ ይደበቃል። መስመሩ ሰውየው፣ ቤቱ፣ ጀልባው ይሁን።

እስቲ በምሳሌ አሳዩን።

ጣና ዳር እምቦጭ የሚያስነቅልና ረግረጋማ መሬት የሚጠብቅ አንድ ድርጅት እናስብ። ሦስት ለጋሾች አሉት፤ ሀ፣ ለ እና ሐ እንበላቸው። አስተባባሪው በወር 28,000 ብር ይከፈለዋል። አሠሪው የሚጨምረው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ፣ ማለትም 3,080 ብር ነው። ስለዚህ ድርጅቱ በወር የሚያወጣው 31,080 ሲሆን በዓመት 372,960 ይሆናል። (ብዙ ሰው ጡረታውን ይረሳና ሰንጠረዡ ከመጀመሪያው ይዛባበታል። ሠራተኛው ከደመወዙ የሚቆረጥበት 7 በመቶ ግን እዚያው ደመወዙ ውስጥ ስላለ አይደመርም።) የቢሮ ኪራይ በወር 15,000 ብር ነው። ሌሎቹ ከታች አሉ።

| ወጪ | የሚያስፈልገው | ለጋሽ ሀ | ለጋሽ ለ | ለጋሽ ሐ | ልዩነት |
|---|---|---|---|---|---|
| አስተባባሪ (ከጡረታ ጋር) | 372,960 | 223,776 | 149,184 | 74,592 | +74,592 |
| የቢሮ ኪራይ | 180,000 | 90,000 | 90,000 | 0 | 0 |
| የጀልባ ነዳጅ | 240,000 | 120,000 | 0 | 120,000 | 0 |
| የጀልባ ጥገና | 90,000 | 0 | 30,000 | 0 | −60,000 |
| የቀን ሠራተኞች | 320,000 | 120,000 | 0 | 200,000 | 0 |
| ኦዲት | 60,000 | 40,000 | 0 | 0 | −20,000 |
| ድምር | 1,262,960 | 593,776 | 269,184 | 394,592 | −5,408 |

የመጨረሻው ዓምድ በኤክሴል የሚሠራው በዚህ ነው፤ B የሚያስፈልገው፣ C እስከ E ለጋሾቹ ናቸው፦

```
=SUM(C2:E2)-B2
```

ውጤቱ ከዜሮ በላይ ከሆነ ያ ወጪ ከሚገባው በላይ ተከፍሎበታል ማለት ነው። ከዜሮ በታች ከሆነ ከፋይ ያልተገኘለት ቀዳዳ አለ።

ድምሩ ላይ የጎደለው 5,408 ብር ብቻ ነው። ይህማ ጥሩ በጀት አይደለም ወይ?

ሥራ አስኪያጆች አይናቸው ቀድሞ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው፣ የሚሳሳቱትም እዚሁ። የታችኛው ድምር ያታልላል። ለአስተባባሪው 74,592 ብር ተርፎ ተይዟል፤ ለጥገናና ለኦዲት ደግሞ 80,000 ጎድሏል። ሁለቱ ሲደመሩ ይጣፋሉና 5,408 ብቻ የጎደለ ይመስላል። ለጋሽ ሐ ግን ገንዘቡን የሰጠው ለደመወዝ ነው፤ የሞተር ጥገና ቫውቸር በደመወዝ መደብ ቢቀርብለት አይቀበልም። ስለዚህ ድርጅቱ በአንድ በኩል ሁለት ጊዜ ለተከፈለ ደመወዝ ተጠያቂ ይሆናል፣ በሌላ በኩል ጀልባው ሞተሩ ተበላሽቶ ዳር ላይ ይቆማል። ሰንጠረዡ የሚነበበው ወደ ጎን፣ መስመር በመስመር ነው። የታችኛውን ድምር እኔ መጨረሻ ላይ ነው የማየው።

አንድ መስመር 120 በመቶ ከሆነ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ የሚጠየቀው ገንዘቡ አይደለም፣ ሥራው ነው። አስተባባሪው በእርግጥ ለለጋሽ ሐ ፕሮጀክት ይሠራል? የሥራ ሰዓት መመዝገቢያውን አውጡ።

አዎ ከአምስት ቀኑ አንዱን ለሐ ይሠራል ከተባለ ስህተቱ ያለው በሀ እና በለ ድርሻ ላይ ነው፤ የሌሎቹ ድርሻ መቀነስ አለበት። ለምሳሌ 50፣ 30 እና 20 ቢሆን ከሀ 37,296፣ ከለ ደግሞ ያንኑ ያህል ነፃ ይወጣል። ነፃ የወጣውን ገንዘብ ወዴት እንደምታዞሩ ለሁለቱም ትጽፋላችሁ።

በምሳሌያችን ግን ሐ የራሱ የመስክ ሠራተኛ ስላለው አስተባባሪው ለሐ የሚሠራው የለም እንበል። እንግዲያው የሚነሳው የሐ 20 በመቶ ነው። ለጋሽ ሐ 74,592 ብሩን ከደመወዝ ወደ ሌላ መደብ እንዲያዛውር በደብዳቤ ይጠየቃል፤ 60,000 ለጀልባ ጥገና፣ 14,592 ለኦዲት። ከተፈቀደ ሁለቱ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፣ የሚቀረውም 5,408 ብር የኦዲት ክፍያ ብቻ ነው። እሱን ድርጅቱ ከአባላት መዋጮ ይሸፍነዋል። አሁን ያ 5,408 እውነተኛ ቁጥር ሆነ።

ደብዳቤው ላይ «በጀት ስለተረፈን» ብላችሁ አትጻፉ። ተረፈ ሲባል ለጋሹ የሚያስበው መመለሱን ነው። የሆነውን በቀጥታ ጻፉ፦ ይህ ወጪ በሌሎች ለጋሾች መቶ በመቶ ተሸፍኗል፣ ከእናንተ ብንወስድ ድርብ ክፍያ ይሆናል፣ ስለዚህ ከፋይ ወዳጣው ወጪ እንዲዛወር እንጠይቃለን። ሰንጠረዡንም አያይዙ። መደብ ማዛወር ያለ ፈቃድ እስከ ስንት እንደሚቻል የሚወስነው ስምምነታችሁ ነውና እሱን አንብቡ። መልሱ በጽሑፍ ሳይመጣ ግን በሐ የደመወዝ መደብ ላይ አንዲት ቫውቸር እንዳታስገቡ።

በዕቅዱ ላይ መደራረብ ከሌለ ሥጋት የለም ማለት ነው?

ኧረ አለ። ሰንጠረዡ የዕቅዱን ድርብርብ ያጠራል። ደረሰኙ ሁለት ቦታ እንዳይገባ ግን በራሱ አይከለክልም። ከላይ ያለውን የጀልባ ነዳጅ እዩት፤ 120,000 በሀ፣ 120,000 በሐ፣ ልዩነቱ ዜሮ። ዕቅዱ ንጹሕ ነው። የእኔ ራሴ ጣጣ የመጣው ግን እንዲህ ካለ ንጹሕ መስመር ላይ ነበር።

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ድርጅት ሁለት ለጋሾች የጀልባ ነዳጅ ይከፍሉ ነበር፤ አንዱ ዘጌ ለሚካሄደው የትምህርት ቤት የአካባቢ ክበብ፣ ሌላው ደቅ ደሴት ላይ ላለው የችግኝ ጣቢያ። አንድ ቀን ጀልባዋ ጠዋት ከባሕር ዳር ተነስታ ዘጌ አንዱን ቡድን አወረደች፣ ሌላውን ይዛ ደቅ ሄደች፣ ማታ ሁሉንም ሰብስባ ተመለሰች። የነዳጁ ደረሰኝ 5,200 ብር ነበር። የዘጌው ሠራተኛ ዋናውን ደረሰኝ ይዞ ውሎ አበሉን ሲያወራርድ አብሮ አስገባ። ጀልባ ነጂው ደግሞ ለደቁ ጉዞ የወሰደውን ፒቲ ካሽ ሲያወራርድ «ዋናው ሒሳብ ክፍል ነው» ብሎ ኮፒውን አቀረበ። እውነቱን ነው፣ ዋናው እኛ ጋ ነበር። እኔም ሁለቱን በሁለት የተለያየ ሳምንት ፈርሜ አሳለፍኳቸው። 5,200 ብር የወጣበት ነዳጅ በመዝገባችን 10,400 ሆነ። ማንም አልሰረቀም፣ ግን አንድ ሊትር እንኳ ሳይጨመር ገንዘቡ እጥፍ ሆነ። ያገኘው ኦዲተሩ ነው፤ ሁለት ፋይሎች ላይ ያንኑ የደረሰኝ ቁጥር አይቶ።

ታዲያ ያ ደረሰኝ እንዴት መከፈል ነበረበት?

በሞተር ሰዓት። ከባሕር ዳር ዘጌ መሄጃው አንድ ሰዓት ያህል ነበር፣ ከዘጌ ደቅ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል። ደርሶ መልስ በጠቅላላው 5 ሰዓት። ከዚህ ውስጥ የባሕር ዳርና የዘጌ 2 ሰዓት የሁለቱም ስለሆነ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰዓት ይደርሳል። ከዘጌ ወዲያ ያለው 3 ሰዓት የደቁ ብቻ ነው። ስለዚህ ደቅ 4 ሰዓት፣ ዘጌ 1 ሰዓት፤ 80 በመቶና 20 በመቶ። ከ5,200 ብሩ 4,160 ለደቁ ለጋሽ፣ 1,040 ለዘጌው ይመዘገባል። ሁለቱም 5,200 ተከፍሎባቸው ስለነበር ለደቁ ለጋሽ 1,040፣ ለዘጌው 4,160 ብር ተመለሰ። ሲደመር የተደገመው 5,200 ነው።

እኩል ለሁለት መክፈልም ይቻል ነበር። ኦዲተር የሚጠይቀው ዘዴው ምክንያት ያለው፣ ከጉዞው በፊት የተጻፈና ለሁሉም የሚሠራ መሆኑን ነው። መጥፎው ዘዴ የትኛው ለጋሽ ጋ ገንዘብ እንደተረፈ እያዩ ማካፈል ነው። ያ ከጉዞ መዝገቡ ጋር ሲነጻጸር ወዲያው ይጋለጣል። ጀልባ ነጂው የያዘው ደብተር ላይ ቀን፣ መነሻ፣ መድረሻ፣ የሞተር ሰዓትና የተሳፈሩት ሰዎች ይጻፉ፤ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

ደመወዝም እንዲሁ ነው። ስምምነቱ 60 በመቶ ስላለ ብቻ 60 አይመዘገብም። ለምሳሌ የአሜሪካ የፌደራል ገንዘብ ደንብ ደመወዝ የሚጠየቀው በትክክል የተሠራውን ሥራ በሚያሳይ መዝገብ ነው ይላል፤ የበጀት ግምት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ያለ ለውጥ 60 እና 40 የሚል የሰዓት መመዝገቢያ ሳይ እኔ ራሴ አላምነውም።

የተደገመ ደረሰኝ ከሪፖርት በፊት እንዴት እናግኝ?

የክፍያ መዝገቡን ሁሉም ለጋሾች በአንድ ሺት ላይ እንዲሆኑ አድርጉ። ለየለጋሹ የተለየ ፋይል መያዝ ነው የተደገመውን የሚደብቀው። ፒችትሪ የምትጠቀሙ ከሆነ ሁሉንም አንድ ላይ ወደ ኤክሴል አውጡ። የደረሰኝ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት ሻጮች ያንኑ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ የሻጩን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (C)፣ የደረሰኙን ቁጥር (D)፣ የደረሰኙን ሙሉ ገንዘብ (E) እና በዚያ መስመር ለለጋሹ የተመዘገበውን (F) ትይዛላችሁ።

ሰዎች በብዛት የሚያደርጉት ቁጥሩ ስንት ጊዜ እንደመጣ መቁጠር ነው። እሱ ግን በትክክል 80 እና 20 የተካፈለውንም ደረሰኝ ሁለት ጊዜ መጣ ብሎ ይከሳል፤ አንድ ወር ሳይሞላ ማስጠንቀቂያውን ማየት ታቆማላችሁ። የሚሻለው ለአንዱ ደረሰኝ የተመዘገበውን ሁሉ ደምሮ ከደረሰኙ ጋር ማስተያየት ነው፦

```
=SUMIFS(F:F,C:C,C2,D:D,D2)-E2
```

ዜሮ ከሆነ ደረሰኙ በልኩ ተካፍሏል። ከዜሮ በላይ ከሆነ ተደግሟል፣ የእኔ የጀልባ ደረሰኝ እዚህ 5,200 ያሳይ ነበር። ከዜሮ በታች ከሆነ ከፊሉ ለማንም አልተመዘገበም።

የገበሬ ማገዶ፣ የቀን ሠራተኛ፣ የታንኳ ኪራይ ደረሰኝ የላቸውም። ለእነሱ በራሳችሁ የክፍያ ማዘዣ ቁጥር ትሠራላችሁ፤ የፊርማ ወረቀቱ ላይ ቀንና ቦታ መኖሩን አረጋግጡ። በአንድ ቀን የአንድ ሰው ስም ሁለት የነቀላ ቦታ ላይ ከታየ ያው ድርብ ክፍያ ነው።

ደረሰኙ ላይ ማኅተም የሚደረገው መቼ ነው?

ኮፒ ከመነሳቱ በፊት፣ ዋናው ላይ። ማኅተሙ «ተከፍሏል» ብቻ ካለ የሚጠቅመው ነገር ትንሽ ነው። የለጋሹ ኮድ፣ ድርሻው በመቶኛና የቫውቸር ቁጥሩ የሚሞላበት ክፍት ቦታ ይኑረው። ያ የ5,200 ብር ደረሰኝ «ደቅ 80፣ ዘጌ 20» የሚል ተጽፎበት ኮፒ ቢነሳ ኖሮ ጀልባ ነጂው ያቀረበው ኮፒ ራሱ ይናገር ነበር። በኮፒ የሚቀርብ ማወራረጃ ሲመጣ ዋናው የትኛው ቫውቸር ውስጥ እንዳለ ሳይጻፍበት አትፈርሙ።

የለጋሾቹ ዓመት ከእኛ ዓመት ጋር አይገጥምም። ወሩ የማን ነው?

የእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። አውሮፓዊ ለጋሽ ብዙ ጊዜ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ይሄዳል። ድርብ ክፍያ የሚፈጠረው ስምምነቱ በወሩ መሃል ሲያልቅ ነው።

የለጋሽ ሀ ስምምነት በዲሴምበር 31 ቀን 2025 አበቃ እንበል። ያ ቀን በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ነው። ተተኪው ለጋሽ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ይጀምራል። ደመወዝ በኢትዮጵያ ወር የምትከፍሉ ከሆነ የታኅሣሥ ደመወዝ ሁለቱንም ይነካል። ሀ «የመጨረሻ ወር» ተብሎ ሙሉውን ይከፍላል፣ አዲሱ «የመጀመሪያ ወር» ተብሎ ይከፍላል፣ ታኅሣሥ ሁለት ጊዜ ተከፈለ። ትክክለኛው በቀን ማካፈል ነው። የሀ የወር ድርሻ 60 በመቶ፣ ማለትም 18,648 ብር ነው። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 621.60 ይሆናል። ለ22 ቀን 13,675.20 ከሀ፣ ለቀሪው 8 ቀን 4,972.80 ከአዲሱ ለጋሽ ይወሰዳል።

በፈረንጅ ወር የምትከፍሉ ይህ ጣጣ የለባችሁም፤ ግን ጡረታና ግብር በኢትዮጵያ ወር ስለሚገለጹ እዚያ ላይ ተጠንቀቁ። ሰንጠረዡ ላይ በየለጋሹ ዓምድ አናት ስምምነቱ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ይህችን አንዲት መስመር መጻፍ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ዶላሩ ሲዘል ሰንጠረዡ ምን ይሆናል?

ይፈርሳል፤ አይተነዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዶላር ፈርመው በብር ያቀዱ ድርጅቶች መቶ በመቶ የነበሩት መስመሮቻቸው በአንድ ጊዜ ሞልተው ፈሰሱ። በ57 ሒሳብ 120,000 ብር የተያዘ የነዳጅ ድርሻ በ100 ሲመነዘር ከ210,000 በላይ ነው። ሌላው ለጋሽ 120,000 ቢጨምርበት የ240,000 ብር ነዳጅ ከ330,000 በላይ ተይዞለታል። ነዳጁም ቢወደድ፣ መሙላቱን ሳያዩ መክፈል ግን ያው ድርብ ክፍያ ነው።

ስለዚህ ለውጭ ምንዛሬ ለጋሽ ሁለት ነገር ያዙ፦ የስምምነቱን መጠን በራሱ ገንዘብ፣ እና በእጅ የገባውን ብር ባንኩ በሰጣችሁ የገቢ ማስታወቂያ ላይ ባለው ምንዛሬ። ክፍያ በገባ ቁጥር የዚያን ለጋሽ ዓምድ አድሱና የልዩነቱን ዓምድ እንደገና ወደ ጎን አንብቡ። ገና ያልገባውን ቀሪ ክፍያ በምን ምንዛሬ እንደገመታችሁ ከጎኑ ጻፉ።

የአስተዳደር ወጪ በመቶኛ ይሰጠናል። እሱስ ሰንጠረዡ ውስጥ ይገባል?

በጣም የሚያመልጠው ድርብ ክፍያ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ደረሰኝ የለውም። የአውሮፓ ኅብረት በአብዛኛው ከቀጥታ ወጪው ላይ እስከ 7 በመቶ ለተዘዋዋሪ ወጪ በጥቅሉ ይሰጣል። የአሜሪካ ፌደራል ደንብ የራሱ የተደራደረበት መቶኛ ለሌለው ተቀባይ የሚፈቅደው 10 በመቶ የነበረ ሲሆን ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ እስከ 15 ሆኗል። ይህ ገንዘብ የሚሰጠው እንደ ቢሮ ኪራይ፣ መብራትና የጽሕፈት ዕቃ ላሉ የጋራ ወጪዎች ነው።

እንግዲህ ለጋሽ ሀ በቀጥታ የኪራይን 50 በመቶ ከከፈለ፣ ለጋሽ ለም የቀረውን 50 ከከፈለ፣ ኪራዩ ሞልቷል። ሐ ደግሞ 7 በመቶ ሰጥቶ እናንተ «ለኪራይ ነው» ካላችሁ በማይታይ መንገድ ሁለተኛ ተከፍሎበታል። መፍትሔው መቶኛውንም ለጋሽ ዓምድ ላይ ማስገባት ነው፣ እንደ ሌላ ወጪ፤ «ከተዘዋዋሪ የሚሸፈን» የሚል መስመሮች ለይታችሁ እነሱ ብቻ ከዚያ ይከፈሉ። አንድ ወጪ በቀጥታም በመቶኛም አይታይ።

በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተጣለው የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ፣ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ፣ ሌላ ሒሳብ ነው። እሱ የሚለካው በድርጅቱ ሙሉ ገቢ ነው፤ ለጋሹ የሚፈቅደው መቶኛ ከእሱ በታችም በላይም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን አታደባልቁ።

የሕዝቡ መዋጮስ?

ገበሬው በነጻ የነቀለበት ቀን በገንዘብ ተተምኖ ለለጋሽ «የእኛ ድርሻ» ተብሎ ይቀርባል። ያንኑ የነቀላ ዘመቻ ለሁለት ለጋሾች ካቀረባችሁት ገንዘብ ባይወጣም ድርብ ነው። በሰንጠረዡ ላይ የራሱ ዓምድ ይኑረው፣ እያንዳንዱ የዘመቻ ቀን ለአንድ ለጋሽ ብቻ ይቆጠር።

ሰንጠረዡን ለለጋሾቹ እናሳይ? ሌላ እንዳለን ካወቁ ይቀንሱብናል።

ይህን ፍራቻ አውቀዋለሁ፣ አንዳንዴም እውነት አለበት። ግን ብዙ ስምምነቶች ለዚያው ሥራ ሌላ የገንዘብ ምንጭ ካለ እንድታሳውቁ ያስገድዳሉ፤ የተመረመረው የዓመቱ ሒሳብ ላይም ሁሉም ለጋሾች ይወጣሉ። ኋላ ከኦዲት ሪፖርት ከሚያገኙት ከእናንተ ቢሰሙት ይሻላል። በእኔ ልምድ ቀዳዳውን የሚያሳይ ሰንጠረዥ ገንዘብ ከማስቀነስ ይልቅ ማስጨመሩ ይበዛል። ለጋሹ የጀልባ ጥገናው መስመር ላይ −60,000 ሲያይ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ያውቃል። የሌሎቹን ለጋሾች ስም መግለጽ የማይፈቀድላችሁ ከሆነ በፊደል ተኩት።

ማን ይያዘው? በየስንት ጊዜው ይታደስ?

የሚይዘው አንድ ሰው ነው፣ የሒሳብ ክፍሉ። አዲስ ፕሮፖዛል የሚጽፈው ሰው ግን በጀቱን ከመላኩ በፊት ሰንጠረዡን ማየት አለበት፤ 120 በመቶው የሚወለደው እዚያ ነው። አዲስ ስምምነት ሲፈረም፣ ክፍያ ሲገባ፣ ደመወዝ ሲጨመርና ሠራተኛ ሲቀየር ይታደሳል። ከእነዚህ አንዱ ባይኖርም በየወሩ ባንክ ሲመሳከር አብሮ ይታያል። የታደሰበት ቀን ያልተጻፈበትን ሰንጠረዥ እኔ እንደሌለ እቆጥረዋለሁ። አሮጌውን አታጥፉ፣ በቀኑ ስም አስቀምጡት፤ ኦዲተሩ የሚጠይቀው ቫውቸሩ በተፈረመ ዕለት የነበረውን ነው።